ማስታወቂያ፦ በጋራ ኮምፒውተሩ ላይ ስለሚቀመጡ ፋይሎች ስያሜና አቀማመጥ

ለሁሉም የቢሮው ሠራተኞች
ከሰነድና መረጃ ክፍል

ከሰኞ ጥቅምት 24 ቀን 2018 ዓ.ም. ጀምሮ በጋራ ኮምፒውተሩ ላይ የሚቀመጥ አዲስ ፋይል ሁሉ ስያሜው እንዲህ ይሆናል፦

```
2025-11-03_LTR_office-rent_v01.docx
```

ቅደም ተከተሉ ቀን፣ የሰነዱ ዓይነት፣ ጉዳዩ፣ የእትም ቁጥር ነው።

ቀኑ ሰነዱ የተዘጋጀበት ነው፤ ኮምፒውተሩ በሚያሳየው የአውሮፓ አቆጣጠር ይጻፋል። ዓመቱ ይቀድማል፤ ወሩና ቀኑ ሁልጊዜ በሁለት አሃዝ ይሆናሉ። 03-11-2025 ተብሎ ከተጻፈ ፋይሎቹ በስም ሲደረደሩ የየወሩ 3ኛ ቀን ሰነዶች አንድ ላይ ይከማቻሉ፤ የጊዜ ቅደም ተከተሉ ይጠፋል።

ለዓይነቱ LTR (ደብዳቤ)፣ MIN (ቃለ ጉባኤ)፣ RPT (ሪፖርት) እና PAY (የክፍያ ሰነድ) ብቻ ያገለግላሉ። ከእነዚህ የማይመደብ ሰነድ ካጋጠመዎ ክፍላችንን ይጠይቁ እንጂ አዲስ ምልክት አይፍጠሩ።

ስሙ ለምን በአማርኛ አልሆነም የሚል ጥያቄ መነሳቱ አይቀርም። ኮምፒውተሩ የአማርኛ ስም ይቀበላል፤ ችግሩ የሚመጣው ፍለጋ ላይ ነው። አንዱ «ሠራተኛ»፣ ሌላው «ሰራተኛ» ብሎ ቢጽፍ ለእኛ አንድ ቃል ነው፤ ለኮምፒውተሩ ግን ሁለት ነው። አማርኛውን በላቲን ፊደል መጻፍም አያዋጣም፤ ሁሉም እንደመሰለው ይጽፈዋል። ስለዚህ ጉዳዩ ከሦስት ባልበለጡ የእንግሊዝኛ ቃላት ይገለጽ።

ስም ውስጥ እነዚህ ምልክቶች አይገቡም፤ ዊንዶውስም አይቀበላቸውም፦

```
\ / : * ? " < > |
```

በተለይ የደብዳቤ ቁጥር ሲያስገቡ እዝባሩን በአጭር ሰረዝ ይተኩ።

«final»፣ «final2»፣ «የመጨረሻው አዲስ» ማለት ቀርቷል፤ የተፈረመው የትኛው እንደሆነ ከስሙ ማወቅ አይቻልም። ቀድሞ የተቀመጠ ሰነድ ሲያሻሽሉ መጀመሪያ F12 ተጭነው v02 ብለው ያስቀምጡ፣ ከዚያ መጻፍ ይጀምሩ። ጽፎ ጨርሶ ስም ለመቀየር ያሰበ ሰው በልማድ Ctrl+S ይጫንና የቀድሞውን ያጠፋዋል። የፊደል ግድፈት ለማረም አዲስ ቁጥር አያስፈልግም። የተፈረመው v03 ከሆነ የስካኑ ስም መጨረሻ v03-signed.pdf ይሁን።

ማስቀመጫው እንደ ዓመቱና እንደ ዓይነቱ ነው፦

```
D:\Office\2025\LTR
```

ዴስክቶፕ ላይ አያስቀምጡ። እዚያ ያለውን ሌላው ሠራተኛ በራሱ መግቢያ ሲገባ አያገኘውም፤ ዓርብ ዓርብ የሚወሰደው መጠባበቂያ ቅጂም D:\Office ን ብቻ ነው። በፍላሽ የመጣ ፋይል ደግሞ መጀመሪያ ወደ D ይገልበጥ፣ ከዚያ ይከፈት። ፍላሹ ላይ እየሠሩ ቢነቀል ፋይሉ ሊበላሽ ይችላል።

የቆዩ ፋይሎችን በጅምላ ስም መቀየር አይፈቀድም። ከሌላ የኤክሴል ፋይል ጋር የተያያዘ ከሆነ ማያያዣው ይቋረጣል፤ ድምሩም የድሮውን ቁጥር እንደያዘ ሊቀር ይችላል። አንዱን መቀየር ግድ ከሆነ ለክፍላችን አሳውቀው F2 ተጭነው ይቀይሩ፤ ከነጥቡ በኋላ ያለውን (.docx፣ .xlsx) ግን አይንኩ።