የማከፋፈያ መኪና (ተሽ-07) የእርጅና ቅናሽ እና የሽያጭ መዝገብ፣ ጥር 30 ቀን 2017 ዓ.ም.

የሂሳብ ዓመት፦ ከሐምሌ 1 ቀን 2016 እስከ ሰኔ 30 ቀን 2017 ዓ.ም.
አዘጋጅ፦ ሲኒየር አካውንታንት። መርማሪ፦ የሂሳብ ክፍል ኃላፊ። አጽዳቂ፦ ዋና ሥራ አስኪያጅ።
የሚያያዝበት፦ ጆርናል ቫውቸር ቁጥር 0411 እና 0412

ንብረቱ አይሱዙ ኤንፒአር የጭነት መኪና ነው፤ ሰሌዳው ኮድ 3፣ የጭነት ክፍሉ ዝግ ሳጥን። ፓስታና ዱቄት ለቸርቻሪዎች ሲያደርስ ቆይቷል። ሥራ የጀመረው ጥቅምት 1 ቀን 2014 ነው። በመዝገብ የያዝነው ጠቅላላ ዋጋ 1,800,000 ብር ሲሆን ከዚህ ውስጥ 1,600,000 የመኪናው ግዢ፣ 170,000 የሳጥኑ ሥራ፣ 30,000 የስም ማዛወሪያና የመጀመሪያ ምዝገባ ወጪ ነው። በግዢው ላይ የተከፈለው ተጨማሪ እሴት ታክስ በወቅቱ ስለተቀናነሰ ከዚህ ቁጥር ውስጥ የለም። የኢንሹራንስ አረቦንና የቦሎ ወጪ የየዓመቱ ወጪ ናቸው። የ2014ቱ የኢንሹራንስ ደረሰኝ መጀመሪያ መኪናው ሂሳብ ውስጥ ገብቶ የነበረ ሲሆን በዚያው ዓመት መዝጊያ ተስተካክሎ ወጥቷል። ፋይሉን የሚያገላብጥ ኦዲተር የማስተካከያውን ቫውቸር በ2014 ጥራዝ ያገኘዋል።

የእርጅና ቅናሹ በቀጥተኛ ዘዴ የሚሰላ ነው። የአገልግሎት ዘመን 8 ዓመት፣ በዘመኑ ማብቂያ ይገኛል ተብሎ የተገመተው ቀሪ ዋጋ 300,000 ብር።

1,800,000 − 300,000 = 1,500,000 ብር
1,500,000 ÷ 8 = በዓመት 187,500 ብር
187,500 ÷ 12 = በወር 15,625 ብር

እስከ ሰኔ 30 ቀን 2016 ድረስ የተመዘገበው፦

| የሂሳብ ዓመት | ወራት | የዓመቱ ቅናሽ (ብር) | የተጠራቀመ (ብር) |
|---|---|---|---|
| 2014 | 9 | 140,625 | 140,625 |
| 2015 | 12 | 187,500 | 328,125 |
| 2016 | 12 | 187,500 | 515,625 |

በሰኔ 30 ቀን 2016 የመዝገብ ዋጋው 1,284,375 ብር ነበር። የ2016 ቅናሽ የተመዘገበው በዓመት መዝጊያው ቫውቸር እንዲህ ነው፦ ዴቢት የእርጅና ቅናሽ ወጪ፣ ማከፋፈያ 187,500፤ ክሬዲት የተጠራቀመ እርጅና ቅናሽ፣ ተሽከርካሪ 187,500። መኪናው ሸቀጥ የሚያደርስ ስለሆነ ወጪው የሚገባው ማከፋፈያ ውስጥ ነው፤ አስተዳደራዊ ወጪ ውስጥ ከገባ በኪሎ የሚሰላው የማድረሻ ወጪያችን ከእውነታው ያንሳል።

የእርጅና ቅናሽ የምንመዘግበው በዓመት አንድ ጊዜ በሰኔ 30 ብቻ ነው። ስለዚህ መኪናው በተሸጠበት ቀን ከሐምሌ 1 ወዲህ ያለው ቅናሽ በሌጀሩ ላይ አልነበረም። ሽያጩን ከመመዝገባችን በፊት ይህ መሟላት አለበት።

ጆርናል ቫውቸር 0411
ቀን፦ ጥር 30 ቀን 2017

| ሂሳብ | ዴቢት (ብር) | ክሬዲት (ብር) |
|---|---|---|
| የእርጅና ቅናሽ ወጪ፣ ማከፋፈያ | 109,375.00 | |
| የተጠራቀመ እርጅና ቅናሽ፣ ተሽከርካሪ | | 109,375.00 |

ማብራሪያ፦ የተሽ-07 የ7 ወር ቅናሽ፣ ከሐምሌ 2016 እስከ ጥር 2017። 7 × 15,625።

ጳጉሜን ለብቻዋ አልተቆጠረችም። በደመወዝ አከፋፈላችን እንደምናደርገው ሁሉ የነሐሴ ክፍል ናት። 13 ወር አድርጎ 8/13 ያሰላ ሰው 115,384.62 ያገኛል፤ ይህ ለ5 ቀን የሙሉ ወር ሸክም መጫን ነው። በቀን የሚያሰላ ደግሞ 215 ቀን ለ365 አካፍሎ 110,445.21 ላይ ይደርሳል። የቀኑ ስሌት ስህተት አይደለም፤ ግን በፖሊሲያችን የጻፍነው ወር ነው፤ ከ15ኛው ቀን በኋላ የተሸጠ ንብረት የዚያን ወር ቅናሽ ሙሉውን ይወስዳል። የ1,070.21 ብሩ ልዩነት ከቅናሽ ወጪ ወደ ኪሳራ ከመዛወር በቀር የዓመቱን ትርፍ አይነካውም።

መኪናው ከኅዳር ጀምሮ ጋራዥ ቆሞ ነበር። የቆመበት ጊዜ ከስሌቱ እንዲቀነስ ከመጋዘን ክፍል የቀረበው ሐሳብ ተቀባይነት የለውም። በቀጥተኛ ዘዴ የሚቀነሰው ዘመኑ እንጂ የተነዳው ኪሎ ሜትር አይደለም፤ ንብረቱ ከመዝገብ እስኪወጣ ድረስ ቅናሹ ይቀጥላል።

የሽያጩ ሁኔታ

ሞተሩ ኅዳር 2016 ላይ ሳይሆን ኅዳር 2017 ላይ መሰበሩ ለዚህ መዝገብ ትልቅ ጉዳይ ነው። ብልሽቱ ከሰኔ 30 ቀን 2016 በፊት ደርሶ ቢሆን ኖሮ የዋጋ መጎዳቱ በ2016 ሪፖርት ላይ መታየት ነበረበት፤ ኪሳራውንም ለሁለት ዓመት ማከፋፈል ግድ ይሆን ነበር። ኦዲተሮች ይህን መጠየቃቸው አይቀርም። የመኪና ዋጋ በየዓመቱ በሚወጣበት ገበያ ያገለገለ አይሱዙ በኪሳራ ተሸጠ ሲባል መጀመሪያ የሚመጣው ጥያቄ «በርካሽ ለማን ተሰጠ?» የሚል ነው። ስለዚህ የጋራዡ የብልሽት ሪፖርት፣ የሞተር መቀየሪያው የዋጋ ማቅረቢያ፣ የጨረታው ማስታወቂያ እና የተጫራቾች የዋጋ ማነጻጸሪያ ቃለ ጉባኤ ከቫውቸሩ ጋር ተያይዘዋል። ኢንሹራንሱ የሜካኒካል ብልሽት ስለማይሸፍን የካሳ ገቢ የለም። ደላላ አልገባም፤ ከሽያጩ ዋጋ ላይ የሚቀነስ ወጪም የለም።

የሽያጭ ዋጋ ያለ ታክስ 1,000,000 ብር
ተጨማሪ እሴት ታክስ 15%፦ 150,000 ብር
የደረሰኙ ጠቅላላ ድምር፦ 1,150,000 ብር
ገዢው ድርጅት ቀንሶ ያስቀረው 2% ታክስ፦ 20,000 ብር
በሲፒኦ የተቀበልነው፦ 1,130,000 ብር

2% የተሰላው ተጨማሪ እሴት ታክስ ከመጨመሩ በፊት ባለው ዋጋ ላይ ነው። ገዢው የሰጠን የተቀናሽ ታክስ ደረሰኝ ዋናው በታክስ ፋይል፣ ኮፒው እዚህ አለ። ያለ ዋናው ደረሰኝ 20,000 ብሩን ከዓመቱ ግብር ላይ ማቀናነስ አይቻልም።

ጆርናል ቫውቸር 0412
ቀን፦ ጥር 30 ቀን 2017

| ሂሳብ | ዴቢት (ብር) | ክሬዲት (ብር) |
|---|---|---|
| ባንክ | 1,130,000.00 | |
| ተሰብሳቢ፣ በገዢ የተቀነሰ ታክስ | 20,000.00 | |
| የተጠራቀመ እርጅና ቅናሽ፣ ተሽከርካሪ | 625,000.00 | |
| ከቋሚ ንብረት ሽያጭ የደረሰ ኪሳራ | 175,000.00 | |
| ተሽከርካሪ | | 1,800,000.00 |
| ተከፋይ ተጨማሪ እሴት ታክስ | | 150,000.00 |
| ድምር | 1,950,000.00 | 1,950,000.00 |

ማብራሪያ፦ ተሽ-07 በጨረታ ተሸጦ ከመዝገብ የወጣበት። የተጠራቀመው 515,625 + 109,375 = 625,000። የመዝገብ ዋጋ 1,800,000 − 625,000 = 1,175,000። ኪሳራ 1,175,000 − 1,000,000 = 175,000።

የሽያጩ ቀን የተወሰደው ውሉ በሰነዶች ማረጋገጫ ተፈርሞ ቁልፉና ሊብሬው ለገዢ የተሰጡበት ቀን ነው። የስም ዝውውሩ የካቲት ውስጥ መጠናቀቁ ቀኑን አይለውጠውም። ደረሰኙ የተቆረጠው ጥር 30 በመሆኑ 150,000 ብሩ በጥር ወር የተጨማሪ እሴት ታክስ ማስታወቂያ ውስጥ ይገባል፤ 1,000,000 ብሩ ግን በትርፍና ኪሳራ ሪፖርቱ የሽያጭ ገቢ መስመር ላይ አይታይም፣ መኪና መሸጥ የዘወትር ሥራችን አይደለምና።

በተለያዩ ረቂቆች ላይ ሦስት ነገሮች ተስተካክለዋል። አንደኛው፣ የሽያጩ ዋጋ ታክሱን ጨምሮ 1,150,000 ተብሎ ስለተወሰደ ኪሳራው 25,000 ብቻ መስሎ ነበር፤ መንግሥት የሚወስደው 150,000 የእኛ ገቢ ሆኖ ተቆጥሯል ማለት ነው። ሁለተኛው፣ ተሽከርካሪ ሂሳቡ ክሬዲት የተደረገው በ1,175,000 ነበር። ይህ ሲደረግ ቫውቸሩ ሚዛኑን ስለሚጠብቅ ማንም አይነቃበትም፤ ነገር ግን ሌጀሩ ላይ የሌለ መኪና 625,000 ብር፣ በተጠራቀመው ሂሳብ ላይም እኩል 625,000 ብር ተንጠልጥሎ ይቀራል። በሚቀጥለው ዓመት በጅምላ ድምር ላይ መቶኛ የሚያሰላ ሰው ለሌለ መኪና ቅናሽ ይመዘግባል። ሦስተኛው የ7 ወሩ ቅናሽ መዘለሉ ነው። ይህ የዓመቱን ትርፍ አይለውጥም፣ ኪሳራው 284,375 ሆኖ ይወጣል፤ ሆኖም የማከፋፈያ ወጪው ሌሎች ወጪዎች ውስጥ ይደበቃል።

ለግብር ማስታወቂያ

እዚህ ላይ የመዝገቡና የግብሩ ስሌት በተቃራኒ አቅጣጫ ይሄዳሉ። በገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 እና በደንብ ቁጥር 410/2009 መሠረት መኪናው የሚወድቀው «ሌሎች» በሚለው ምድብ ሲሆን በቀጥተኛ ዘዴ 15% ይቀነስለታል፤ ቀሪ ዋጋ የሚባል ነገር አይታሰብም።

በዓመት፦ 1,800,000 × 15% = 270,000
እስከ ሰኔ 30 ቀን 2016፦ 202,500 + 270,000 + 270,000 = 742,500
የግብር መዝገብ ዋጋ በሰኔ 30 ቀን 2016፦ 1,057,500
የ7 ወር ቅናሽ በ2017፦ 157,500
በሽያጭ ቀን የግብር መዝገብ ዋጋ፦ 900,000

ስለዚህ በመዝገባችን 175,000 የከሰርንበት ሽያጭ በግብር ስሌት 100,000 ብር ትርፍ አለው። ይህ ትርፍ የንግድ ሥራ ገቢ አካል ነው። በግብር ማስታወቂያው ላይ 109,375 ቅናሽና 175,000 ኪሳራ፣ በድምሩ 284,375 ወደ ትርፍ ይመለሳል፤ በምትኩ 157,500 ይቀነስና 100,000 ይደመራል፣ ማለትም የተጣራ 57,500 ይቀነሳል። ግብር የሚከፈልበት ገቢ በ226,875 ከፍ ይላል። የ7 ወሩ የግብር ቅናሽ ተዘሎ 1,000,000 በቀጥታ ከ1,057,500 ቢቀነስም ውጤቱ ያው 57,500 ነው፤ በዚህ ነጥብ ላይ ከግብር መርማሪ ጋር መከራከር ጊዜ ማባከን ነው።

226,875 ብሩ በሰኔ 30 ቀን 2016 በሁለቱ የመዝገብ ዋጋዎች መካከል ከነበረው ልዩነት (1,284,375 − 1,057,500) ጋር እኩል ነው። በ30% የተያዘለት የዘገየ የገቢ ግብር ዕዳ 68,062.50 ብር ስለነበር መኪናው ሲወጣ እሱም ይዘጋል። ሰኔ 30 ቀን 2017 ከሌሎች የመዝጊያ ቫውቸሮች ጋር የሚመዘገበው፦

| ሂሳብ | ዴቢት (ብር) | ክሬዲት (ብር) |
|---|---|---|
| የዘገየ የገቢ ግብር ዕዳ | 68,062.50 | |
| የዘገየ የገቢ ግብር ወጪ | | 68,062.50 |

በቋሚ ንብረት መዝገብ ላይ የተሽ-07 ገጽ «ተሽጧል፣ ጆ.ቫ. 0412» ተብሎ ተዘግቷል፤ ቁጥሩ ለሌላ መኪና አይሰጥም። ያልተጠናቀቀው የኢንሹራንስ ዘመን ተመላሽ ከኢንሹራንስ ድርጅቱ ሲመጣ ቅድመ ክፍያ ኢንሹራንስ ሂሳብን ክሬዲት በማድረግ ይመዘገባል፤ ወደ 175,000 ብሩ ኪሳራ አይቀላቀልም።