ማስታወሻ፦ የቅዳሜው የአሲድና ቤዝ ክለሳ

ሰላም ልጆች፣

ቅዳሜ እንገናኛለን፣ እንዳትረሱ። ከሰዓት ከ8 እስከ 11 ሰዓት፣ ላይብረሪው ሁለተኛ ፎቅ፣ ጥግ ላይ ያለችው የቡድን ክፍል። በስሜ ይዣታለሁ። እስከ 8 ከሩብ ካልገባንባት ለሌላ ይሰጧታል፤ ስለዚህ ማርፈድ የለም። ደግሞ 8 ሰዓት ያልኩት ስልካችሁ ላይ 14:00 የሚለውን ነው። ባለፈው በጠዋቱ መጥቶ በር ላይ የተገተረውን ሰው ስም አልጠራም። አይዞህ ሳሚ።

ምዕራፉ አሲድና ቤዝ ነው፣ ግን ሁሉንም አንነካም። በፈርና ታይትሬሽን ብቻ። ፈተናው ማክሰኞ ስለሆነ ትርጉም ስንሸመድድ የምናጠፋው ጊዜ የለም። ደካማ አሲድ ምን እንደሆነ፣ Ka ምን እንደሚለካ ሁሉም ቤቱ አንብቦ ይምጣ።

እነዚህን ሁለቱን የመረጥኩት በክዊዙ ምክንያት ነው። ጥያቄው ትዝ ይላችኋል? 25 ሚሊ ሊትር 0.10 M አሴቲክ አሲድ፣ በ0.10 M ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ታይትሬት ሲደረግ። ኢኩቫለንስ ፖይንት ላይ ፒኤቹ ስንት ነው ሲባል፣ እኔ፣ ቤዛና ሳሚ ዓይናችንን ሳናሽ 7 ብለን ጻፍን። 7 የሚሆነው ግን ጠንካራ አሲድ ከጠንካራ ቤዝ ጋር ሲሆን ነው። እዚህ አሲዱ ሲያልቅ የሚቀረው አሲቴት ነው፣ እሱ ደግሞ ራሱ ደካማ ቤዝ ነው። ከውሃው ፕሮቶን ይወስድና OH⁻ ይተዋል፤ ፒኤቹም ከ7 በላይ ይወጣል። ረድኤት ይሄ ገብቷት ነበር፣ ግን 25 ላይ 25 ሲጨመር ፈሳሹ 50 ሚሊ ሊትር እንደሚሆን ረሳችና 8.87 አገኘች። አሲቴቱ 0.050 M እንጂ 0.10 M አይደለም። አስተካክሎ የሠራው ሄኖክ ብቻ ነው።

ስለዚህ ሁላችንም ይህንኑ ጥያቄ አራት ቦታ ላይ ሠርተን እንመጣለን፤ ቤዙ 0፣ 12.5፣ 25 እና 30 ሚሊ ሊትር ሲገባ። Ka = 1.8 × 10⁻⁵ ውሰዱ። መልሶቹ 2.87፣ 4.74፣ 8.72 እና 11.96 ናቸው። መልሱን የሰጠሁት እንድትገለብጡት አይደለም፤ የት ጋ እንደሳታችሁ ቤታችሁ እንድታውቁት ነው። ያልመጣላችሁን ሥራ አታጥፉት፣ ከነስህተቱ ይዛችሁት ኑ። የምንማረው ከሱ ነው።

ከዚህ ውጪ የየግል ድርሻ አለ።

ሄኖክ፣ አራቱን ነጥቦች ሰሌዳ ላይ አንተ ታሳየናለህ። ቀስ በል በናትህ። ባለፈው ሁለተኛው መስመር ላይ ጥለኸን ሄደሃል።

ቤዛ፣ ግራፉን በትልቅ ወረቀት ሥሪልን። የባለፈው እስክሪብቶሽ ባለቀለም፣ መስመሩም የሚያምር ነበር፤ ችግሩ ቀጥ ብሎ የወጣው ክፍል ልክ 7 ላይ መሃሉን ማድረጉ ነው። አሁን 8.72 ላይ ይሁን። 12.5 ላይ ፒኤች ከ pKa ጋር እኩል የሚሆንበትንም ምልክት አድርጊበት።

ረድኤት፣ በፈር ያንቺ ነው። ይቺን ቀመር ከ Ka ተነስተሽ አውጪልን፦

```
pH = pKa + log([A⁻]/[HA])
```

ከዚያ አንድ ምሳሌ። በ1 ሊትር ውስጥ 0.10 ሞል አሴቲክ አሲድና 0.10 ሞል አሲቴት አለ፤ 0.010 ሞል HCl ሲጨመርበት ምን ይሆናል? ከ4.74 ወደ 4.66 ብቻ ነው የሚወርደው። ያው HCl 1 ሊትር ንጹህ ውሃ ውስጥ ቢገባ ከ7 ወደ 2 ነበር የሚያወርደው። እኔ በፈር ምን እንደሚሠራ የገባኝ ይህን ሳይ ነው፣ ትርጉሙን ስሸመድድ አይደለም።

ሳሚ፣ ኢንዲኬተር። ፊኖልፍታሊን ቀለሙን የሚቀይረው ከ8.2 እስከ 10 አካባቢ፣ ሜቲል ኦሬንጅ ደግሞ ከ3.1 እስከ 4.4 ነው። ለዚህ ታይትሬሽን የትኛው እንደሚሆን፣ የሌላኛው ቀለም ምን ያህል ቀድሞ እንደሚቀየር በቤዛ ግራፍ ላይ እያሳየህ ታስረዳናለህ። አምስት ደቂቃ ይበቃሃል።

እኔ ካለፉት ዓመታት ፈተናዎች ስድስት ጥያቄ አባዝቼ አመጣለሁ። 10 ሰዓት ላይ ወሬ ይቆማል፣ ለ30 ደቂቃ ዝም ብለን እንሠራለን፣ ከዚያ ተለዋውጠን እናርማለን።

ካልኩሌተር ያዙ። ፈተና ላይ ስልክ ስለማይፈቀድ ቅዳሜም በስልክ ማስላት የለም። የ log ቁልፉ የት እንዳለ ማክሰኞ ጠዋት መፈለግ እንዳትጀምሩ።

መምጣት የማይችል ካለ እስከ ዓርብ ማታ ይንገረኝ፣ ድርሻውንም በፎቶ ይላክልን። ያነበበ "እሺ" ብሎ ይጻፍ፤ አውራ ጣት ብቻ አልቀበልም።