ንጉሡ ሠ

ወይዘሮ አስካለ ካርዱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና ስሙን በጣታቸው ነኩ።

«ልጄ፣ አባቴን ሌባ አደረጓቸው።»

ቤዛ አነበበች፤ «መሪጌታ ሰረቀ ወልደ ሃና፣ 1933–2017 ዓ.ም.»። ለጆሮ ልክ ነው። በግእዝ ግን ሠረቀ በንጉሡ ሠ ሲጻፍ «ወጣ» ማለት ነው፣ እንደ ፀሐይ፤ በእሳቱ ሰ ሲሆን ሌብነት ነው። ዕድሜ ልካቸውን ቅኔ ላስተማሩ ሰው ከዚህ የከፋ ስሕተት የለም። ፎነቲክ ኪቦርድ ላይ s ሲመታ ቀድሞ የሚመጣው እሳቱ ስለሆነ፣ የቸኮለ ሁሉ እዚህ ላይ ይወድቃል።

ተዝካሩ ከነገ ወዲያ ነው። የሚፈለገው 150 ካርድ።

በቴሌግራም የመጣው ምስል ተጨምቆ ደብዝዞ ነበር። «በፎቶ ሳይሆን በፋይል ይላኩልኝ» አለች። የልጅ ልጃቸው መልሶ ሲልከው 1181 በ1772 ፒክስል ሆኖ ደረሰ፤ በ300 ዲፒአይ ልክ 10 በ15 ሴንቲ ሜትር። ጽሑፉ ግን ከፎቶው ጋር ተጣብቋል፣ ለብቻው የሚነሣ ሌየር የለውም።

መጀመሪያ አንዷን ፊደል ብቻ ለመተካት ሞከረች። ሠ ሰፊ ነው፤ ከረ ጋር ተጋጨ። ስታጠበው ደግሞ ቋሚዎቹ ቀጥነው ከጎረቤቶቹ ተለየ። ስለዚህ መስመሩን በሙሉ ማንሣት ግድ ሆነ።

ስሙ ያረፈው በጋቢያቸው እጥፋት ላይ ነው። ቤዛ ባዶ ሌየር ከፍታ Clone Stamp ያዘች፣ ብሩሹን ወደ 12 ፒክስል አሳነሰች፣ Alt ተጭና ከዚያው እጥፋት ጥላ እየቀዳች ፊደሎቹን አንድ በአንድ ሸፈነች። ከሌላ ቦታ ብትቀዳ ነጩ ይለያያል፣ ጋቢው የተጣፈ ይመስላል። ጥለቱ ጋ ስትደርስ ምስሉን 400 በመቶ አጉልታ ክሩን ተከትላ ሄደች።

ልትጽፍ ስትል ቆም አለች። «እማማ፣ ስማቸውን በእጃቸው የጻፉበት ነገር ይኖራል?»

ወይዘሮ አስካለ በነጠላ የተጠቀለለ ዳዊት ከቦርሳቸው አወጡ። የመጀመሪያው ቅጠል ጥግ ላይ፣ በጥቁር ቀለም፦ ሠረቀ ወልደ ሐና። ሠ ሦስት ጣቱን ወደ ላይ ዘርግቷል። ሐውም ሐመሩ ሐ ነው፤ በካርዱ ላይ የተጻፈው ሃሌታው ነበር። ይህኛውን ማንም አላየውም።

ሁለቱንም አርማ፣ ስሙን እንደ አዲስ መሐል ላይ አሰፈረችና አንድ ካርድ ብቻ አተመች። ስክሪን ላይ ያለፈ ስሕተት ወረቀት ላይ ይታያል።

«ፊደል በፊደል ያንብቡልኝ።»

ወይዘሮ አስካለ መነጽራቸውን አደረጉ። «ንጉሡ ሠ… ረ… ቀ…» እያሉ ሄደው ሐ ላይ ሲደርሱ ድምፃቸው ተያዘ። ካርዱን ወደ ግንባራቸው አስጠግተው ሳሙት።

ቤዛ በቁጥሩ ቦታ 149 ብላ ጻፈች።