ከግንቦት 10 እስከ ግንቦት 30 የሚዘልቅ የታሪክ ክለሳ መርሐ ግብር

ይህ መርሐ ግብር በቱሉ ዲምቱና በኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየሞች እየኖሩ ለሰኔ 1ዱ ፈተና ለሚዘጋጁ የታሪክ ተማሪዎች የወጣ ነው። ብዙዎቻችሁ ቀን ሥራ ላይ ስለምትውሉ የጥናቱ ሰዓት ከምሽቱ 1 እስከ 3 ሰዓት ተደርጓል።

አንደኛ ሳምንት፦ ንባብ
ሰኞ ምዕራፍ 1 (አክሱምና ዛግዌ)፣ ማክሰኞ ምዕራፍ 2 (ከሽምብራ ኩሬ 1521 እስከ ወይና ደጋ 1535 ዓ.ም.)፣ ረቡዕ ምዕራፍ 3 (ዘመነ መሳፍንትና ዐፄ ቴዎድሮስ)፣ ሐሙስና ዓርብ ምዕራፍ 4 (ዐፄ ዮሐንስና ዐፄ ምኒልክ)፣ ቅዳሜ ምዕራፍ 5 (ከማይጨው እስከ 1966ቱ አብዮት) ይነበባሉ። ከማክሰኞ ጀምሮ የየምሽቱ የመጀመሪያ ግማሽ ሰዓት፣ መጽሐፉ ተዘግቶ፣ የትናንቱን ምዕራፍ በባዶ ወረቀት ላይ ከቃል ለመጻፍ ይውላል። እሑድ አምስቱም ምዕራፎች በዚሁ መንገድ ይታያሉ። መብራት በሚጠፋበት ምሽት ጥናቱ አይቋረጥም፤ ከጎረቤት ተማሪ ጋር በቃል መጠያየቅ ሻማም አያስፈልገው።

ሁለተኛ ሳምንት፦ ድርሰት
ሰኞ ከምዕራፍ 3፣ ረቡዕ ከምዕራፍ 4፣ ዓርብ ከምዕራፍ 5፣ ቅዳሜ ደግሞ ከምዕራፍ 1 ወይም 2 አንዳንድ ድርሰት በ45 ደቂቃ ይጻፋል። ማክሰኞና ሐሙስ የተጻፈው ይታረማል፤ ንባቡም ክፍተት በታየበት ገጽ ላይ ብቻ ይሆናል፤ እሑድ ከቃል መጻፍ ነው።

የረቡዕ ጥያቄ፦ «የአድዋ ጦርነት መነሻ የውጫሌ ውል ብቻ ነበርን? አብራራ።»

ይህን ጥያቄ ብዙ ተማሪ ከ1881 ዓ.ም. ይጀምረውና መልሱ ይሳሳበታል። ጣሊያን ምጽዋን በ1877 መያዟ፣ ራስ አሉላ በ1879 ዶጋሊ ላይ ያደረሱባት ሽንፈት፣ ከዚያም የውሉ መፈረምና ዐፄ ምኒልክ በ1885 መሰረዛቸው በተከታታይ ሲቀመጡ፣ የየካቲት 23 ቀን 1888ቱ ጦርነት ከአንድ አንቀጽ ክርክር በላይ መሆኑ ይታያል። ዓመተ ምሕረትና የፈረንጁ አቆጣጠር በአንድ ወረቀት ላይ እንዳይቀላቀሉ አደራ፤ 1885 በአንዱ የውሉ መሰረዝ፣ በሌላው የምጽዋ መያዝ ነውና።

ሦስተኛ ሳምንት፦ ከቃል ማስታወስ
ከሰኞ እስከ ዓርብ በየምሽቱ አንድ ምዕራፍ ከቃል ይጻፋል፤ ቅደም ተከተሉም በሁለተኛው ሳምንት እጅግ ካስቸገረው ይጀምራል። አዲስ ንባብ አይኖርም። ረቡዕ ብቻ አንድ ተጨማሪ ድርሰት አለ፦ «የዐፄ ቴዎድሮስ ማዕከላዊ መንግሥት የመመሥረት ጥረት ለምን አልዘለቀም?» ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ጀምሮ ሁለት ድርሰት ያለው የሙከራ ፈተና በሰዓት ተገድቦ ይሠራል። እሑድ ከቀኑ 6 ሰዓት በኋላ ደብተር አይከፈትም፤ ፈተናው ሰኞ 2 ሰዓት ተኩል ስለሚጀምር፣ ከቱሉ ዲምቱ የሚነሣ ተማሪ የጠዋቱን የታክሲ ሰልፍ አስቦ 12 ሰዓት ተኩል ከቤት ይውጣ።