የሶልያና የክትባት ካርድ፣ መስመር በመስመር

ጥያቄው

ሲስተር፣ ጤና ይስጥልኝ፤ እንደምን ሰነበቱ? ልጄ ሶልያና አባቷ ጋ አሜሪካ ልትሄድ ነው። እዚያ የሚቀበላት የሕፃናት ክሊኒክ የክትባት ካርዷ ተተርጉሞ ከፎቶው ጋር እንዲላክለት ጠይቋል። ደብረ ብርሃን አንድ ጽሕፈት ቤት አስተርጉሜ ነበር፤ ሳየው ግን ልቤ አልረጋም። ቀኖቹን በእኛው ዘመን አቆጣጠር እንዳሉ ትቷቸዋል። «ፖሊዮ 0» የሚለውን «አልተሰጠም» አድርጎታል። ኩፍኝን «ሩቤላ» ብሎታል። ቫይታሚን ኤም ከክትባቶቹ ጋር ተቆጥሯል።

የካርዱን ፊትና ጀርባ አንስቼ ልኬልዎታለሁ። እግረ መንገድዎን እያንዳንዱ ክትባት ከምን ከምን እንደሚከላከል ቢነግሩኝ ደስ ይለኛል። እኔ «የስድስት ሳምንቱ»፣ «የዘጠኝ ወሩ» እያልኩ አመላለስኳት እንጂ አንዱንም በስሙ አላውቀውም። የዘጠኝ ወሩን የወሰደችው ቀበሌያችን ጤና ኬላ ነው፤ ማህተሙ ደብዝዟል። በእስክሪብቶ ላድምቀው?

መልሱ

እህቴ፣ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ከመጨረሻው ልጀምርልሽ፦ እንዳታደምቂው! በካርድ ላይ የተደራረበ ቀለም ያየ ሰው ቀሪውንም መስመር ይጠራጠራል። ተርጓሚው በዚያ ቦታ «ማህተም አለ፣ ጽሑፉ አይነበብም» ብሎ ይጻፍ። አንቺ ደግሞ ጤና ኬላው ሄደሽ የክትባት መዝገቡ ላይ ስሟንና ቀኑን አስፈልጊ። ከተገኘ ጤና ኬላው ተጠሪ የሆነለት ጤና ጣቢያ፣ ደብረ ሲና ማለት ነው፣ በደብዳቤ ያረጋግጥልሻል። እዚያ ማዶ ዋጋ ያለው ቀን ያለበት ጽሑፍ ነው፤ እናት በቃል «ተከትባለች» ብትል አይቆጠርም።

አሁን ወደ ቀኖቹ። ከሁሉ የከፋው ስህተት ይኸ ነው። የስድስት ሳምንቱ መስመር ላይ «2/13/2015» ተጽፏል። እኛ ጳጉሜ 2 ቀን 2015 ብለን እናነባለን። አሜሪካኖች ወርን ስለሚያስቀድሙ ፌብሩዋሪ 13 ቀን 2015 ብለው ያነቡታል፤ ልጅሽ ከመወለዷ ስምንት ዓመት በፊት ተከተበች ማለት ነው። «24/1/2016»ም እንዲሁ ጃንዋሪ 2016 ይሆንባቸዋል። ስለዚህ በትርጉሙ ላይ እያንዳንዱ ቀን ሁለቴ ይጻፍ፤ መጀመሪያ በካርዱ ላይ እንዳለው፣ ቀጥሎ በፈረንጅ፣ የወሩ ስም በፊደል እንጂ በቁጥር ሳይሆን። ከላይ ደግሞ «በካርዱ ላይ ያሉት ቀኖች በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው፤ 13ኛው ወር ጳጉሜ ነው» የሚል አንድ መስመር ይግባ።

ሲቀየር ሰው የሚሳሳትበት ቦታ አለ። 2015 ጳጉሜዋ ስድስት ቀን ስለነበረች የ2016 መስከረም 1 ሴፕቴምበር 12 ላይ ዋለ፤ እንደወትሮው 11 ላይ አይደለም። ከዚያ እስከ ፌብሩዋሪ መጨረሻ ድረስ ሁሉም ቀን በአንድ ይገፋል። ጽሕፈት ቤቱ በለመደው ስሌት ቢሠራው የሶልያና ሦስት መስመሮች በአንድ ቀን ይሳሳታሉ። እኔ ሠርቼዋለሁ፤ እንዳለ ይገልብጥ።

የተወለደችበት፦ ሐምሌ 20 ቀን 2015፣ ጁላይ 27 ቀን 2023።

ሐምሌ 21 ቀን 2015፣ ጁላይ 28 ቀን 2023፦ ቢሲጂ እና ፖሊዮ 0።
ጳጉሜ 2 ቀን 2015፣ ሴፕቴምበር 7 ቀን 2023፦ ፔንታ 1፣ ፖሊዮ 1፣ ፒሲቪ 1፣ ሮታ 1።
መስከረም 24 ቀን 2016፣ ኦክቶበር 5 ቀን 2023፦ ፔንታ 2፣ ፖሊዮ 2፣ ፒሲቪ 2፣ ሮታ 2።
ጥቅምት 29 ቀን 2016፣ ኖቬምበር 9 ቀን 2023፦ ፔንታ 3፣ ፖሊዮ 3፣ ፒሲቪ 3፣ አይፒቪ።
ግንቦት 8 ቀን 2016፣ ሜይ 16 ቀን 2024፦ ኩፍኝ 1።
ጥቅምት 21 ቀን 2017፣ ኦክቶበር 31 ቀን 2024፦ ኩፍኝ 2።

ጥር 23 ቀን 2016 (ፌብሩዋሪ 1 ቀን 2024) ያለው ቫይታሚን ኤ ነው። አይጣል፤ ግን ከክትባቶቹ ሠንጠረዥ ወጥቶ ከታች «ተጨማሪ ምግብ ንጥረ ነገር» ተብሎ ለብቻው ይቀመጥ።

እንግዲህ ምን ከምን እንደሚከላከል።

ቢሲጂ ክንዷ ላይ ቆዳዋ ውስጥ የተወጋችው ናት፤ ያቺ ትንሽ ጠባሳ የእሱ ምልክት ናት። መጠኑ ለጨቅላ 0.05 ሚሊ ሊትር ብቻ ነው። የሳንባ ነቀርሳ ክትባት ይባላል እንጂ ትልቁ ሥራው ሕፃናትን ነቀርሳ ወደ አንጎል ሽፋንና ወደ ሰውነት ሁሉ ከሚሰራጭበት ክፉ መልኩ መጠበቅ ነው። ይህን ለምን እንደምነግርሽ፦ አሜሪካ በመደበኛነት ቢሲጂ አይሰጥም፤ ቆዳ ላይ የሚደረገው የነቀርሳ ምርመራ በቢሲጂ ምክንያት ሊያብጥና «ነቀርሳ አለባት» ሊያስብል ይችላል። «ቢሲጂ ወስዳለች፣ በደም ምርመራ ይታይልኝ» በያቸው፤ የደሙን ምርመራ ቢሲጂ አያሳስተውም።

ፖሊዮ የልጅነት ልምሻ ነው። «0» ማለት በልደት የተሰጠ፣ ከመደበኛው ቆጠራ በፊት ያለ ጠብታ ነው። ዜሮ ስላየ «አልተሰጠም» ማለቱ አይደንቅም፤ ቢሆንም አንድ ክትባት ሰርዟል። «በልደት የተሰጠ» ይባል። ጠብታው በአፍ፣ ሁለት ጠብታ ነው። አይፒቪ ደግሞ ያው የልምሻ ክትባት በመርፌ፣ ጭን ላይ፣ 0.5 ሚሊ ሊትር ነው። ሁለቱ በትርጉሙ ተለይተው ይጻፉ፤ «ፖሊዮ» ብቻ ብሎ ማለፍ አይበቃም። ምክንያቱም ከኤፕሪል 2016 ወዲህ በዓለም የሚሰጠው መደበኛ ጠብታ የፖሊዮን ዓይነት 1 እና 3 ብቻ ነው የያዘው። መርፌው ሦስቱንም ይዟል። የአሜሪካ ክሊኒኮች ከዚያ ወዲህ የተሰጠ ጠብታ አይቆጥሩም፤ ከሶልያና አምስት የፖሊዮ መስመር የሚቆጥሩት አንዱን መርፌ ነው። ልጅሽ ሳትከተብ የቀረች እንዳይመስልሽ፣ የእነሱ ሕግ ነው።

ፔንታ አንድ መርፌ ነው፣ በውስጡ ግን አምስት። ተርጓሚው «ፔንታ» ብሎ ከተወው እዚያ ያለችው ነርስ አምስት ዓምድ ላይ የምትሞላው ታጣለች። አምስቱ፦ ጉሮሮ የሚዘጋው ዲፍቴሪያ፣ ትክትክ፣ መንጋጋ ቆልፍ፣ የጉበት በሽታ ዓይነት ቢ፣ እና ሂብ። ሂብ የባክቴሪያ ስም ነው፤ በሕፃናት ላይ ማጅራት ገትርና የሳንባ ምች ያመጣል። ሙሉ ስሙ ውስጥ «ኢንፍሉዌንዛ» የሚል ቃል ስላለ የጉንፋን ክትባት አድርገው የሚተረጉሙ አጋጥመዋልና አደራ። የጉንፋን ክትባት ካርዷ ላይ የለም።

ፒሲቪ ከኒሞኮከስ ባክቴሪያ ነው፦ ከሳንባ ምች፣ ከማጅራት ገትር፣ ከጆሮ መግል። ምች ሁሉ አይይዛትም ማለት አይደለም፤ ምች በሌላ ተሐዋስም ይመጣል። ሮታ በአፍ የተሰጣት፣ ሕፃናትን በድርቀት ከሚጥል ተቅማጥ የሚከላከል ነው። የሮታን ሁለቱንም ዙር ጨርሳለች፤ በእድሜዋም ሮታ የሚጨመር የለም።

ኩፍኝ ላይ ቆም ብለሽ ተርጓሚውን አስረጂው። ኩፍኝ ማለት ትኩሳት፣ ሳል፣ የዓይን መቅላትና ሽፍታ የሚያመጣው፣ ፈረንጆች ሚዝልስ የሚሉት ነው። ሩቤላ ሌላ በሽታ ነው፤ አንዳንዱ መዝገበ ቃላት «የጀርመን ኩፍኝ» ስለሚለው ነው መደባለቁ የሚመጣው። ሶልያና የወሰደችው የኩፍኝን ብቻ ነው፤ ሩቤላም ጆሮ ደግፍም አልተከተበችም። «ሩቤላ» ተብሎ ቢላክ ሁለት ጊዜ ጉዳት አለው፦ ያልወሰደችው እንደወሰደችው ይቆጠራል፣ የወሰደችው ይጠፋል።

ክሊኒኩ ደርሳ ሲጨምሩላት እንዳትደነግጪ። የኩፍኝ፣ የጆሮ ደግፍና የሩቤላ ጥምር ክትባት ይሰጧታል፤ የኩፍኙ መደገም አይጎዳም። የዘጠኝ ወሩን ኩፍኝ አይቆጥሩትም፣ ከ12 ወር በፊት ስለሆነ፤ የአሥራ አምስት ወሩን ይቆጥሩታል። የጉበት ቢ ሦስተኛውም በ15 ሳምንቷ ስለተሰጠ፣ እነሱ የመጨረሻው ከ24 ሳምንት በፊት አይሁን ስለሚሉ፣ አንድ ይደግሟታል። የዲፍቴሪያ፣ ትክትክና መንጋጋ ቆልፍ አራተኛ፣ የሂብና የፒሲቪ ማጠናከሪያ፣ ቀሪው የፖሊዮ መርፌ፣ ጉድፍና የጉበት በሽታ ዓይነት ኤም ይጠብቋታል። በአንድ ቀን ሁለት ሦስት መርፌ ቢወጓት የተለመደ ነው።

ስሟን በተመለከተ፦ ካርዱ ላይ የእሷና የአባቷ ስም ብቻ ነው ያለው። ፓስፖርቷ ላይ የአያቷም አለ። ተርጓሚው ካርዱ ላይ ያለውን ብቻ ይተርጉም፤ የፊደሉ አጻጻፍ ግን ፓስፖርቱን ይከተል። ካርዱ ላይ የሌለውን ስም ልጨምር ካለ በግርጌ ማስታወሻ ያድርገው። የመድኃኒቱ መለያ ቁጥር ያልተጻፈበት መስመር ባዶ ይተው፣ ከየትም አይምጣ።

ከታች ተርጓሚው ስሙን፣ ፊርማውን፣ ቀኑን እና «ሁለቱንም ቋንቋ አውቃለሁ፣ ትርጉሙ ትክክል ነው» የሚል ቃሉን ያኑር። ማህተም ከመምታቱ በፊት የተተየበውን አንዴ ላኪልኝ፤ ቀኖቹን ከካርዱ ጋር አስተያይቼ እመልስልሻለሁ። ዋናውን ካርድ በሻንጣ አትጭኚው፣ በእጅሽ ያዢው። ታጥፎ የተሰነጠቀውን ጠርዝ ደግሞ በፕላስተር አትለጥፊ፣ ጽሑፉን ይዞ ይነሳል፤ በፕላስቲክ ማኅደር ውስጥ ክተቺው።