ከ"ት" ክንድ ሥር

ላሜራው 2 ሜትር በ80 ሴንቲ ነው። ነጩን ቀለም በዋዜማው ሁለት እጅ ቀብተነው አድሯል። ሌሊቱን የአዳማ ንፋስ አቧራ ስላለበሰው ጠዋት በስሱ ብርጭቆ ወረቀት አሸሁት። ጋሽ ድንቁ ቡናቸውን ሊጠጡ ሲሄዱ፣ "እስክመለስ ፊደሉን በጥቁር ጠመኔ ንደፈው" አሉኝ። አምስት ወር ሙሉ ብሩሽ ከማጠብና መሰላል ከመያዝ ያላለፈ ሰው ነበርኩ፤ ጠመኔው እጄ ላይ ላብ ጠጣ። የላይኛውን የኦሮምኛ ጽሑፍ እሳቸው ጨርሰውታል። የእኔ ድርሻ ከሥሩ ያለው "ምግብ ቤት" ነው።

ሜትር አወጣሁ። በየፊደሉ መሃል 4 ሴንቲ፣ በሁለቱ ቃላት መሃል 15። ሁለቴ ለካሁት።

ጋሼ ሲመለሱ ላሜራውን ዞር ብለው እንኳ አላዩትም። ክርኔን ይዘው አስፋልቱን አሻገሩኝና ባጃጆቹ የሚቆሙበት ጋ ስንደርስ አዞሩኝ።

"አንብብ።"

"ምግብ ቤት።"

"አይደለም። 'ምግብ ቤ' ነው የሚለው። 'ት' ለብቻዋ ባጃጅ እየጠበቀች ነው።"

ሳቄ መጣ። ወዲያው ግን አየሁት፣ ሳቄም ጠፋ።

"ለክቼዋለሁ እኮ ጋሼ። ሁሉም 4 ሴንቲ ነው።"

"ከየት እስከ የት?"

"ከጫፍ እስከ ጫፍ።"

"ጫፉን ማን ጠየቀህ?"

ተመልሰን ላሜራውን መሬት ላይ አጋደምነው። ከኮታቸው ኪስ የገብስ ቆሎ አወጡና በ"ም" እና በ"ግ" መሃል አንድ እፍኝ በተኑ። ክፍተቱ በዚያው እፍኝ ጢም አለ። ቀጥለው በ"ቤ" እና በ"ት" መሃል ሌላ እፍኝ በተኑ። ከ"ቤ" ቀለበት በላይ ባዶ፣ ከ"ት" ክንድ በታች ባዶ። ሌላ እፍኝ ጨመሩ። አሁንም አልሞላም።

"'ት' ባለ አንድ እግር ናት" አሉ፣ ቆሎውን እየለቀሙ አንዳንዱንም እየቆረጠሙ። "ክንዷን ዘርግታ ሥሯን ባዶ ትተዋለች። 'ቤ' ደግሞ ቀለበቷን ወደዚያው ታሾላለች። ታዲያ ቀለበቷን ክንዷ ሥር ለምን አታስገባትም?"

በእርጥብ ጨርቅ ጠርጌ እንደገና ነደፍኩ። ሻገርኩ፣ አየሁ፣ ተመለስኩ። አሁን ደግሞ "ም" እና "ግ" የተጣሉ መሰሉ። በሦስተኛው ጋሼ ላሜራውን ገለበጡት፤ ፊደሎቹ በአናታቸው ቆሙ።

"ማንበብ ስትችል አፍህ ይቀድማል። አሁን ዓይንህን ጨፈን አድርግና ነጩን ብቻ እየው። የቱ ጋ ይበዛል?"

ጨፈን አደረግሁ። ጥቁሩም ነጩም ተድበስብሶ ዥንጉርጉር ነገር ሆነ፤ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ነጩ እንደ ተነቀለ ጥርስ ቦታ ቦግ ብሎ ይታየኛል። ጣቴን ቀሰርኩ። ጋሼ አንገታቸውን ነቀነቁ።

የምግብ ቤቷ ባለቤት በር ላይ ብቅ ብላ፣ "ጋሽ ድንቁ፣ ዛሬ ይደርሳል ወይስ ባነር ላሳትም?" አለች።

"ይደርሳል፣ የኔ እመቤት።"

ባነር በሰዓት ውስጥ ይደርሳል፣ ይሄን ማንም አይክድም። ግን ፀሐዩና ንፋሱ ብዙ ሳይቆይ ይበጣጥሰዋል። ደግሞ ባነሩም ላይ ብዙ ጊዜ "ት" ባጃጅ ስትጠብቅ ነው የማያት፤ ከዚያን ቀን ወዲህ ማለቴ ነው፣ በፊትማ አይታየኝም ነበር።

በአራተኛው ቀለበቷ ክንዷ ሥር ገባች። በሜትር ቢለካ ከዜሮ በታች ነው። ባጃጆቹ ጋ ቆመን ጋሼ ዓይናቸውን አጥብበው ረዘም አድርገው አዩ። ምንም አላሉም። ተሻግረው ሄደው የቀዩን ቀለም ክዳን በካቻቢቴ ከፈቱና አኳራጅ ጠብ ጠብ ያደርጉበት ጀመር።

እኔ እዚያው ቀረሁ። ወዲያ ወዲህ ስል ዓይኔ ከአጠገቤ ካለው የአሮጌው ልብስ ሰፊ ታፔላ ላይ አረፈ። በየቀኑ የማልፈው ታፔላ ነው፤ ቀለሙ ተልጧል፣ ከተማዋም በድሮ ስሟ ነው የተጻፈችው፦ "ናዝሬት ልብስ ስፌት"። "ሬ" እዚህ፣ "ት" እዚያ። "ፌ" እዚህ፣ "ት" እዚያ።

እየሮጥኩ ተሻገርኩ። "ጋሼ! ያ የልብስ ስፌቱ ታፔላ፣ ሁለቱም 'ት' ባጃጅ እየጠበቁ ነው!"

ቀና አላሉም። ቀለሙን በእንጨት ያማስላሉ።

"ማን ነው የጻፈው?"

"በ1979 ባጃጅ አልነበረም" አሉ። ማማሰያውን በቆርቆሮው ከንፈር ጠረጉት። "ሜትር ግን ነበረኝ። ላስተካክለው ብዬ ልብስ ሰፊውን ስንቴ ለምኜዋለሁ፤ 'ምኑ ተበላሸ?' እያለ አሻፈረኝ አለ።"

ቀጭኑን ብሩሽ አቀበሉኝ።

"ከ'ት' ጀምር፤ ቀለሙ ሳይወፍር።"