ለአባቴና ለእናቴ፦ ከደመወዝ ሥራዬ ስለምወጣበት ምክንያት

ደብረ ብርሃን፣ ሚያዝያ 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አባቴና ለምወድሽ እናቴ፣

ከተለያየንበት ቀን ጀምሮ እንደምን ሰንብታችኋል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ለፋሲካ ቤት መጥቼ የፋብሪካውን ሥራ ልለቅ ነው ስላችሁ እናቴ ማልቀሷ፣ እርስዎም አባቴ ምንም ሳይናገሩ ወደ በጎቹ መውጣትዎ ከልቤ አልጠፋም። በዚያ ቀን ነገሩን በደንብ ሳላስረዳ በመቅረቴ ጥፋቱ የእኔ ነው። አሁን ሐሳቤን ከነሒሳቡ ጽፌዋለሁና ታናሽ ወንድሜ ቀስ ብሎ፣ ቁጥሮቹን ሳይዘል ያንብብላችሁ።

የምገባበት ንግድ የከብት መኖ ነው። ነገሩ የጀመረው ባከራዩኝ እናት ቤት ነው። ሦስት የፈረንጅ ላሞች አሏቸው፤ የወተቱ ገንዘብ ለምን እጃቸው ላይ እንደማይቆይ እንዳሰላላቸው ጠይቀውኝ የአራት ወር ገቢና ወጪ መዘገብኩ። ከወጪው ከግማሽ በላይ የሚሆነውን መኖ ይወስደዋል። ፉርሽካው አንድ ሳምንት ይገኛል፣ በሌላው ይጠፋል፤ ሲገኝም አንዳንዱ ጆንያ ገለባ የተቀላቀለበት ነው፤ ፋጉሎው ደግሞ እርጥበት ነክቶት የሻገተ ሆኖ ይመጣል። የሻገተ ፋጉሎ ላሟን ከመጉዳቱም በላይ መርዙ በወተቱ ያልፋል፤ ያንን ወተት የሚጠጡት ደግሞ ሕፃናት ናቸው። ንጹሕ መኖ፣ በትክክል ተመዝኖ፣ በየሳምንቱ ሳይቋረጥ የሚያቀርብ ሰው ቢገኝ በሰፈሩ ያሉት ላም አርቢዎች ሁሉ እንደሚገዙት ያመንኩት ያን ጊዜ ነው።

ነገር ግን በማመን ብቻ ሥራ ለመልቀቅ አልወሰንኩም። አባቴ፣ አዲስ የገብስ ዘር ሲመጣልዎት መላ ማሳውን ሳይሸፍኑ በጓሮ በኩል ባለችው መደብ ላይ ብቻ ዘርተው፣ ውርጩን እንዴት እንደቻለው አይተው ነበር በሚቀጥለው ዓመት የሚያሰፉት። እኔም እንዲሁ አደረግሁ። ከጥቅምት ጀምሮ ከአጎቴ ልጅ ጋር በቅዳሜና ከሥራ ሰዓት በኋላ ሸጠናል። በጥቅምት የሸጥነው 34 ኩንታል ነበር፤ በየካቲት 108 ደረሰ፤ በመጋቢት ወደ 87 ወረደ። የመጋቢቱ መውረድ አስደንግጦኝ ስለነበር ደንበኞቹን አንድ በአንድ ጠየቅኋቸው። በሁዳዴ ወተት የሚገዛ ሰው ስለሚያንስ የላም ባለቤቶች መኖውንም ይቀንሳሉ። ይህ በየዓመቱ የሚመጣ እንጂ ያልታሰበ ነገር አይደለም፤ ስለዚህ በጾም ወራት አነስ ያለ ዕቃ አስገባለሁ፣ በጎችን ለፋሲካ ለሚያደልቡ ሰዎችም አስቀድሜ እሸጣለሁ።

ትርፉን በግልጽ ልንገራችሁ። ከአንድ ኩንታል ማጓጓዣው ተነሥቶ 130 ብር ይቀራል። በወር ለመጋዘን ኪራይ 5,000 ብር፣ ለአጎቴ ልጅ ደመወዝ 6,500 ብር፣ ለግብርና ለልዩ ልዩ ነገር 1,500 ብር፣ በድምሩ 13,000 ብር ይወጣል። እንግዲህ 100 ኩንታል ከተሸጠ ሥራው ራሱን ይችላል፤ 190 ከተሸጠ 11,700 ብር ይተርፈኛል ማለት ነው፤ ዛሬ እጄ ላይ የሚደርሰው ደመወዝ 11,400 ብር ነው። ከ108 ወደ 190 ለመድረስ የሚጎድለኝ የሥራ ቀን ነው። የዱቄት ፋብሪካዎችና የዘይት መጭመቂያ ቤቶች የሚሸጡት፣ መኪናውም የሚጫነው በሥራ ቀን ነው፤ እኔ ቢሮ ተቀምጬ ሌላ ሰው ብልክ የተበላሸ ጆንያ ጭኖ ይመጣል። ጆንያውን ራሴ ፈትቼ፣ በእጄ ዘግኜ፣ አሽትቼ መግዛት አለብኝ። ድብልቁም ቢሆን ሁለት እጅ ፉርሽካ፣ አንድ እጅ የኑግ ፋጉሎና ጥቂት ጨው ስለሆነ ለማንም የሚቀል ይመስላል፤ ሆኖም ሚዛኑ ላይ የሚቆም የታመነ ሰው ከሌለ ውድ የሆነው ፋጉሎ መጉደሉ አይቀርም።

አባቴ፣ የታላቅ ወንድምዎ የእህል ንግድ እንዴት እንደወደቀ እያሰቡ መሆኑን አውቃለሁ። ያንን እኔም አልረሳሁም፤ ልጅ ሆኜ የዱቤ ደብተራቸውን አይቼዋለሁ። እርሳቸውን የጣላቸው ገበያው ሳይሆን ዱቤውና በቤታቸው ስም የተበደሩት ገንዘብ ነው። ስለዚህ ለማንም፣ ለቅርብ ዘመድም ቢሆን፣ በዱቤ አልሸጥም። ብድር አልወስድም። የእናንተን ቤትም ሆነ መሬት ለማንም መያዣ አድርጉልኝ ብዬ ወደ ደጃችሁ አልመጣም።

ያለኝ ገንዘብ በዕቁብና በቁጠባ በስድስት ዓመት የተጠራቀመ 410,000 ብር ነው። ከዚህ 250,000 ብሩ ዕቃ መግዣ፣ 60,000 ብሩ የመጋዘን የዓመት ኪራይ፣ 40,000 ብሩ ለሚዛን፣ ለፈቃድና መኖው መሬት ነክቶ እንዳይረጥብ ለሚነጠፈው እንጨት ነው፤ የክረምቱን ጉም ስለምታውቁት እንጨቱ ቅንጦት አይደለም። የቀረው 60,000 ብር የስድስት ወር መኖሪያዬ ሲሆን በሌላ የባንክ ደብተር ተቀምጧል። በየወሩ የምልክላችሁ 2,000 ብርም ከዚያው ውስጥ ስለተያዘ አይቋረጥም።

የሚቀርብኝ ነገር መኖሩን አልደብቃችሁም። ከደመወዜ 7 በመቶ እየተቆረጠ፣ መሥሪያ ቤቱም 11 በመቶ እየጨመረ የሚገባልኝ ጡረታ ይቆማል። ይህንን ለብዙ ሌሊት አስቤበታለሁ፤ ልተካው የምችለው ከትርፉ ላይ በየወሩ ቆርጬ በማስቀመጥ ብቻ ነውና ሥራው ከፋብሪካው ደመወዝ በልጦ እንደቆመ ይህንኑ እጀምራለሁ።

እናቴ፣ «ሰው ሲጠይቀኝ ልጄ የት ትሠራለች ልበል?» ብለሽኝ ነበር። ዘጠኝ ዓመት በሒሳብ ክፍል ስሠራ አንድ ቀን ስሜ በክፉ አልተነሣም፤ አሁንም የምወጣው ተጣልቼ አይደለም። ሕጉ የሚያዘውን የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ በግንቦት መጨረሻ በጽሑፍ እሰጣለሁ፤ የዓመቱን ሒሳብ ዘግቼ፣ ለሚተካኝ ሰው አስረክቤ ሰኔ 30 እወጣለሁ። አለቃዬም ሐሳቤን ያውቃሉ። መኖ ነጋዴ ናት ብለሽ ንገሪያቸው፤ እኔ አላፍርበትም፤ ላም ያላት ጎረቤት ካለችም ዋጋውን ትጠይቀኝ።

ባይሳካስ ለምትሉት፣ ቀን ቆርጫለሁ። እስከ ጥር 2018 መጨረሻ ሽያጩ በወር 150 ኩንታል ካልደረሰ ዕቃውን ሸጬ፣ ሚዛኑን ሸጬ ወደ ሒሳብ ሥራ እመለሳለሁ። በዚያ ጊዜ ጥቂት ገንዘብ መጉደሉ አይቀርም፤ ነገር ግን ሙያዬ አብሮኝ ነው፣ ዕዳም አይኖርብኝም።

አባቴ፣ ከማስጠንቀቂያው በፊት አንድ ነገር እለምንዎታለሁ። ግንቦት አጋማሽ ላይ ጊዜ ሲያገኙ መጥተው መጋዘኑን ይዩልኝ፤ ጣሪያውንና ወለሉን እርስዎ ካላዩት ልቤ አያርፍም። የበግ መኖም ልጨምር ስላሰብኩ፣ በጎቻችን በደረቅ ወራት ምን እንደሚጎድላቸው ከእርስዎ በተሻለ የሚነግረኝ ሰው የለም። የመሳፈሪያውን ገንዘብ በወንድሜ በኩል ልኬአለሁ። እናቴም መምጣት ከቻለች አልጋው ለሁለት ይበቃል።

ምርቃታችሁን የምትጠባበቅ ልጃችሁ፣
ወይንሸት